የልጆችን ሽሮፕ ከፎቶ ላይ ማንበብ፦ የመድኃኒቱ ጥንካሬና የሲሪንጁ መስመሮች

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በቴሌግራም አንድ ዓይነት መልእክት ይልክልኛል። መጀመሪያ የሽሮፕ ጠርሙስ ፎቶ ይመጣል። ከሥሩ "ይሄን ስንት ሚሊ ልስጣት?" የሚል ጽሑፍ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ የመድኃኒቱ ስም በትልቁ ይታያል፣ የምፈልገው ቁጥር ግን ወይ ብርሃን ውጦታል፣ ወይ ከጠርሙሱ ጀርባ ዞሮ ቀርቷል። ስለዚህ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ምሳሌዬ ፓራሲታሞል ነው። በብዛት የምጠየቀው ስለ እሱ ነው፣ ያውም ከውጭ አገር በመጣ ጠርሙስ። እዚህ የተገዛውን ሽሮፕ ለምዳችሁ ስትሰጡ ትቆያላችሁ፣ ከዚያ አክስት ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ሌላ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፣ እናንተም በድሮው ልክ መስጠት ትቀጥላላችሁ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ መመሪያ ጠርሙሱንና ሲሪንጁን ማንበብ ነው የሚያሳያችሁ። ልጁ ስንት ሚሊ ግራም መውሰድ እንዳለበት የሚወስነው ልጁን ያየው ሐኪም ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ነው፣ እሱም በክብደቱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠርሙሱ፣ ካርቶኑ ካልተጣለ ካርቶኑም
- ስልክ
- ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ
- መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ ካለ እሱ ይቅደም
- ትንሽ ንጹሕ ውኃ (ለልምምድ)
- በቅርቡ የተመዘነ የልጁ ክብደት፣ በኪሎ

1. ጠርሙሱን በሚነበብ መንገድ ፎቶ አንሡት

መጀመሪያ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የፈሰሰ ሽሮፕ ሲደርቅ ቁጥር ይሸፍናል። ከዚያ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነጭ ነጥብ ይሠራል፣ ያ ነጥብ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነጥብ ወይም አንድ አኃዝ ለመደበቅ ይበቃዋል። "12.5" የሚለው "125" ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱም በልጆች መድኃኒት ላይ በእውነት የሚገኙ ቁጥሮች ስለሆኑ አንባቢው ስሕተት መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ስልኩን ጠርሙሱ ላይ አታስጠጉት። በጣም ሲቀርብ ፎቶው ይደበዝዛል። አንድ ክንድ ያህል ራቁና ትንሽ ዙም አድርጉ። የስልኩንም ቁመት ከጽሑፉ ጋር አስተካክሉ።

ጠርሙስ ክብ ስለሆነ አንድ ፎቶ አይበቃም። ፊት ለፊቱን አንሡ፣ ወደ ግራ አዙሩና አንሡ፣ ወደ ቀኝ አዙሩና ድገሙ። "120" የሚለው ጠርዝ ላይ ሲወድቅ "20" ብቻ ይታያል። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው "በ 5 ሚሊ ሊትር" የሚለውም ዞሮ ሊቀር ይችላል፣ ያለ እሱ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ምንም አይነግረንም። ካርቶኑ ካለ እሱን አንሡት። ጠፍጣፋ ስለሆነ ከጠርሙሱ በጣም የተሻለ ይነበባል። ግን ካርቶኑ የዚያው ጠርሙስ መሆኑን አረጋግጡ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሽሮፕ ሲኖር ካርቶን ይቀያየራል።

ስትልኩ በቴሌግራም "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፣ ትንንሽ ፊደላት መጀመሪያ የሚጠፉት ያኔ ነው። ከፎቶው ጋር ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉልኝ። ጠርሙሱ እናንተ እጅ ነው ያለው፣ ዓይናችሁ ከእኔ ስክሪን ይበልጣል። የጻፋችሁትና ፎቶው ካልተስማሙ ሁለታችንም እንቆማለን።

2. ስሙን አንብቡ

ትልቁ ጽሑፍ የንግድ ስም ነው። የምንፈልገው ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ነው። በእኛ አገርና በአውሮፓ ጠርሙስ ላይ Paracetamol ይላል። ከአሜሪካ በመጣ ላይ ግን Acetaminophen ነው የሚለው። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው "ይሄኛው ለትኩሳት፣ ያኛው ደግሞ ከአሜሪካ የመጣው ጠንካራው" ብሎ ሁለቱንም ሲሰጥ ልጁ እጥፍ ይወስዳል። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ስለዚህ ልጁ የሚወስደውን ሽሮፕ ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት።

3. ጥንካሬውን ፈልጉ

ጥንካሬ ማለት በተወሰነ ፈሳሽ ውስጥ ስንት መድኃኒት እንዳለ የሚነግረን ነገር ነው። ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፦ ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር። ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ ክብደት ነው። ሚሊ ሊትር የፈሳሹ መጠን ነው። በጠርሙሱ ላይ እንዲህ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦

```
120 mg/5 ml
Each 5 ml contains: Paracetamol 120 mg
```

ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለ።

እዚያው ጠርሙስ ላይ "60 ml" ወይም "100 ml" የሚል ሌላ ቁጥር አለ፣ ብዙ ጊዜ በትልቁ። እሱ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፈሳሽ ነው። ከሚሰጠው መጠን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከጥንካሬው ለመለየት ቀላል ነው፦ የጠቅላላው ቁጥር ብቻውን ይቆማል፣ ጥንካሬው ግን ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር አብረው አሉት።

እባካችሁ ስትጽፉልኝ "ሚሊ" ብቻ አትበሉ። በንግግራችን ሚሊ ግራሙንም ሚሊ ሊትሩንም "ሚሊ" እንላለን፣ "መቶ ሃያ ሚሊ ስጪ ተብያለሁ" የሚል መልእክት ሲመጣ ሰውዬው ምን እንዳለ እኔ መገመት የለብኝም። ግራም ወይም ሊትር የሚለውን ጨርሱት። "ሲሲ" የሚባለው ግን ሚሊ ሊትር ነው፣ 5 ሲሲ ማለት 5 ሚሊ ሊትር ነው።

ፓራሲታሞል ላይ በብዛት የማያቸው ጥንካሬዎች እነዚህ ናቸው፦

- 120 mg/5 ml፣ እዚህ አገር የለመድነው ሽሮፕ (125 የሚልም አለ)
- 160 mg/5 ml፣ ከአሜሪካ የሚመጣው
- 250 mg/5 ml፣ ለትልልቅ ልጆች የሚሠራው
- 100 mg/ml፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ጠብታ

የመጨረሻውን ቆም ብላችሁ እዩት። ከሥሩ "5" የለም፣ 100 ሚሊ ግራሙ ያለው በ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ደካማ ይመስላል። ከሁሉም የጠነከረው ግን እሱ ነው። ጠርሙሱ ትንሽ የሆነው ለጨቅላ ሕፃን በትንሽ ፈሳሽ ብዙ መድኃኒት መስጠት እንዲቻል ነው።

ሁለት መድኃኒት የተቀላቀለበት ሽሮፕ ካጋጠማችሁ፣ ለምሳሌ ጥንካሬው በመደመር ምልክት ከተጻፈ፣ በዚህ መመሪያ አታስሉት፣ የሸጠላችሁን ባለሙያ ጠይቁ። በዱቄት መጥቶ በውኃ የሚበጠበጥ አንቲባዮቲክም እንዲሁ። የእሱ ጥንካሬ እውነት የሚሆነው ውኃው በትክክል እስከ ምልክቱ ከተሞላ ብቻ ነው።

4. ወደ 1 ሚሊ ሊትር አውርዱት

ጠርሙሶችን ለማወዳደር ሁሉንም ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ማምጣት ነው። ሚሊ ግራሙን ለሚሊ ሊትሩ ማካፈል ብቻ ነው፣ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

```
120 mg ÷ 5 ml = 24 mg/ml
160 mg ÷ 5 ml = 32 mg/ml
250 mg ÷ 5 ml = 50 mg/ml
100 mg ÷ 1 ml = 100 mg/ml
```

አሁን ልዩነቱ ይታያል። ጠብታው ከተለመደው ሽሮፕ ከአራት እጥፍ በላይ ይጠነክራል።

5. ሚሊ ሊትሩን አውጡ

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንውሰድ። ሕፃኗ 8 ኪሎ ናት። ጤና ጣቢያ ያየቻት ባለሙያ "በአንድ ጊዜ 120 ሚሊ ግራም" ብላለች። የፓራሲታሞል የተለመደው ልክ ለአንድ ኪሎ ከ 10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ 8 በ 15 ሲባዛ 120 ይመጣል፣ ትክክል ነው። ይህን ማባዛት ሁልጊዜ ሥሩት። የተነገራችሁ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ አንዱ ቦታ ላይ መሳሳት አለ ማለት ነው፣ ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉ።

የታዘዘውን ሚሊ ግራም፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ላለው ሚሊ ግራም አካፍሉ፦

```
120 ÷ 24  = 5 ml
120 ÷ 32  = 3.75 ml
120 ÷ 50  = 2.4 ml
120 ÷ 100 = 1.2 ml
```

ያቺው ሕፃን፣ ያው መድኃኒት፣ ያው 120 ሚሊ ግራም ነው። ከጠርሙስ ጠርሙስ ግን ሚሊ ሊትሩ ከ 5 እስከ 1.2 ይለያያል። "ስንት ሚሊ ልስጣት?" ለሚለው ፎቶውን ሳላነብ የማልመልሰው ለዚህ ነው።

እናትየው በለመደችው 5 ሚሊ ሊትር ብትቀጥልስ? ከአሜሪካው ጠርሙስ 160 ሚሊ ግራም ትሰጣለች፣ ለአንድ ኪሎ 20 ማለት ነው፣ ከልኩ ያልፋል። በቀን አራቴ ሲደጋገም ደግሞ ይጠራቀማል። ከጠብታው ከሆነ 500 ሚሊ ግራም ነው የምትሰጠው። ይህ በአንድ ጉርሻ ብቻ፣ ባለ 8 ኪሎ ሕፃን በሙሉ 24 ሰዓት ውስጥ መውሰድ ከሚገባት ይበልጣል። የቀኑ ጣሪያ በተለምዶ ለአንድ ኪሎ 60 ሚሊ ግራም ስለሆነ የእሷ 480 ነው።

ክብደት ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ካርቶን ላይ ያለው ሠንጠረዥ ክብደቱን lbs ብሎ በፓውንድ ነው የሚጽፈው። 1 ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ ባለ 8 ኪሎ ሕፃን ወደ 18 ፓውንድ ትሆናለች። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ክሊኒክ የነገራችሁን "18" እዚህ ላለ ሰው ስትልኩ ፓውንድ መሆኑን ጻፉ። በኪሎ ከተቆጠረ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

6. የሲሪንጁን መስመር ቁጠሩ

ሲሪንጅ ሁሉ አንድ ዓይነት መስመር የለውም። አንዳንዱ ላይ ትንሿ መስመር 0.1 ሚሊ ሊትር ናት፣ አንዳንዱ ላይ 0.2፣ ሌላው ላይ 0.5። ስለዚህ "ሁለት መስመር" ተብሎ መጠን አይነገርም። እንዲህ ታውቁታላችሁ፦

ሀ) ቁጥር የተጻፈባቸውን ሁለት ተከታታይ መስመሮች ምረጡ፣ ለምሳሌ 1 እና 2።
ለ) በመሃላቸው ያሉትን ክፍተቶች ቁጠሩ። መስመሮቹን አይደለም፣ ክፍተቶቹን።
ሐ) የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ለክፍተቶቹ ብዛት አካፍሉ።

ከ 1 እስከ 2 ባለው አምስት ክፍተት ካለ እያንዳንዱ 0.2 ነው። አሥር ከሆነ 0.1 ነው። ክፍተት ቁጠሩ ያልኩት በምክንያት ነው። በአምስት ክፍተት መካከል ያሉት ትንንሽ መስመሮች አራት ብቻ ናቸው፣ መስመር የቆጠረ ሰው 0.25 ብሎ ያሰላል።

በምሳሌያችን 2.4 ሚሊ ሊትር እንፈልግ እንበል። በፋርማሲ የምታገኙት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ብዙውን ጊዜ በ 0.2 የሚከፋፈል ስለሆነ ከ 2 ቀጥሎ ያለችው መስመር 2.2 ናት፣ ሁለተኛዋ 2.4። "ትንሿ መስመር መቼም 0.1 ናት" ብሎ አራት መስመር የቆጠረ ሰው 2.8 ላይ ያርፋል።

3.75 ሚሊ ሊትር በዚያው ሲሪንጅ ላይ መስመር የለውም፣ በ 3.6 እና በ 3.8 መካከል ይወድቃል። ከአሜሪካው ሽሮፕ ጋር አብሮ የሚመጣው ሲሪንጅ ግን ብዙ ጊዜ 1.25፣ 2.5፣ 3.75 እና 5 የሚሉ መስመሮች አሉት። ሠሪው ለዚያ ጥንካሬ ያዘጋጀው ነው። እሱ ከጠፋ በዓይን ግምት አትሙሉ፣ መጠኑን ያዘዘላችሁን ሰው "በየትኛው መስመር ላድርገው?" ብላችሁ ጠይቁ። በተቃራኒው ይህን ሲሪንጅ ወስዳችሁ ለሌላ ጠርሙስ ብትጠቀሙበት 2.4 የሚባል መስመር አታገኙበትም።

ከጠብታ ጠርሙስ ጋር የሚመጣው መንጠባጠቢያም የራሱ ጠርሙስ ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ ያለው ምልክት ለዚያ ጥንካሬ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ጠርሙስ አይሸጋገርም።

የኢንሱሊን ሲሪንጅ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ዩኒት እንጂ ሚሊ ሊትር አይደለም። እስከ 100 የሚቆጥረው ሲሪንጅ ሲሞላ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ "50" የሚለው ላይ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው ያለው።

7. ቅዱት

መጀመሪያ በውኃ ተለማመዱ። የሚፈለገውን ያህል ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቅዱ፣ እጃችሁ እስኪለምድ። ልጅ እያለቀሰ መስመር መፈለግ ከባድ ነው።

ከዚያ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ። ብዙዎቹ የልጆች ሽሮፖች መድኃኒቱ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ያለባቸው ናቸው፣ ሲቀመጡ ይዘቅጣል። ካልነቀነቃችሁት ከላይ የቀዳችሁት ደካማ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ከሥር የሚቀዳው ደግሞ በጣም ይጠነክራል። ጥንካሬውን በትክክል አንብባችሁም ልጁ ሌላ መጠን ይወስዳል።

ከሚያስፈልገው ትንሽ አስበልጣችሁ ሳቡ። አየር ካለ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት፣ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ገፍታችሁ አስወጡት፣ ከዚያ መስመሩ ላይ አምጡት። አየር ቦታ ይይዛል። መስመሩ 2.4 ቢልም ውስጡ አረፋ ካለ መድኃኒቱ ከዚያ ያንሳል።

የምታነቡት የቱ ጋ ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚገፋው ዘንግ ጫፍ ላይ ጥቁር ጎማ አለ፣ ጎማው ላይ ሁለት ቀለበት ይታያል። የሚነበበው መድኃኒቱን የሚነካው፣ ወደ ሲሪንጁ አፍ የቀረበው ቀለበት ነው። ወደ እጃችሁ ያለውን ቀለበት ካነበባችሁ የሌለ መድኃኒት ትቆጥራላችሁ፣ ልጁም ከታዘዘለት ያነሰ ይወስዳል። ጎማው መሃሉ ላይ ሾጠጥ ብሎ ከወጣም ሹሉን አትዩ፣ የሲሪንጁን ግድግዳ የሚነካውን ጠርዝ እዩ።

ሲሪንጁን ወደ ዓይናችሁ ቁመት አንሡት። ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ስታዩት ጎማው ከመስመሩ ላይ የተንሸራተተ ይመስላል።

8. የሞላውን ሲሪንጅ ፎቶ አንሥታችሁ አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የጨመርኩት ሰዎች "እንዲህ ነው?" ብለው ፎቶ ስለሚልኩልኝ ነው፣ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ፎቶውም እንደ ዓይን ይሳሳታል። ሲሪንጁን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሙት፣ ቁጥሮቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ስልኩን ልክ ከጎማው በላይ ያዙት። ካሜራው ሲሪንጁ አፍ ወይም ጭራ ላይ ከሆነ ጎማው በፎቶው ላይ ከእውነተኛ ቦታው ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ዙም አድርጉ። በፎቶው ውስጥ ጎማውም፣ ከጎማው ግራና ቀኝ ያሉት ቁጥሮችም መታየት አለባቸው። ጎማው ብቻ ከታየ የትኛው ቁጥር አጠገብ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

በራስ ፎቶ ካሜራ አታንሡ። አንዳንድ ስልክ ምስሉን እንደ መስተዋት ያገላብጠዋል፣ ቁጥሮቹ ተገልብጠው ይነበባሉ።

አብራችሁ ይህን ጻፉ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ የልጁ ክብደት በኪሎ፣ የታዘዘው ሚሊ ግራም፣ የቀዳችሁት ሚሊ ሊትር፣ መጨረሻ የወሰደበት ሰዓት። ለምሳሌ፦ "ፓራሲታሞል፣ 250 ሚሊ ግራም በ 5 ሚሊ ሊትር፣ 8 ኪሎ፣ 120 ሚሊ ግራም ተብለናል፣ 2.4 ሚሊ ሊትር ቀድቻለሁ፣ መጨረሻ የወሰደችው ከቀኑ 6 ሰዓት።" እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣልኝ በአንድ ደቂቃ እመልሳለሁ።

ፎቶ የሚደርሳችሁ ሰዎች ብትሆኑ

ያልታየውን ቁጥር ከልምድ አትሙሉ። "ይሄ ጠርሙስ መቼም 120 ነው" ማለት ያስፈራል፣ አንዱ ፋብሪካ ሁለት ጥንካሬ በተመሳሳይ ካርቶን ሊያወጣ ይችላል። አንዱ አኃዝ ከተጠራጠራችሁ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። የፋርማሲው ወረቀት ጥንካሬውን ሸፍኖ ከተለጠፈ ካርቶኑን ጠይቁ። ካርቶኑም ከሌለ፣ ጽሑፉም ከተፋቀ፣ ያ ጠርሙስ አይሰጥም።

በብዛት የማያቸው ሌሎች ስሕተቶች

የወጥ ቤት ማንኪያ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይባላል፣ የየቤቱ ማንኪያ ግን የተለያየ ነው። የሾርባ ማንኪያ ከሆነ ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው። ሲሪንጅ ካጣችሁ ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ ክዳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ በዓይን ቁመት ሙሉ።

ነጥብ የጠፋበት ጽሑፍ። ግማሽ ሚሊ ሊትር ስትጽፉ "0.5" በሉ፣ ".5" አትበሉ። ነጥቧ ካልታየች 5 ተብሎ ይነበባል፣ አሥር እጥፍ።

የዕድሜ ግምት። "የጎረቤት ልጅም የዓመት ነው፣ እሱ 5 ነው የሚወስደው" አይሠራም። ክብደቱ ሌላ፣ ጠርሙሱም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

የመርፌ ሲሪንጅ የምትጠቀሙ ከሆነ መርፌውንም ትንሿን ክዳንም አውጥታችሁ ጣሉ። ክዳኗ ሳትታይ ቀርታ ስትገፉ ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ስትሰጡ ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ፣ የሲሪንጁን ጫፍ ወደ ጉንጩ ውስጥ አድርጉና ቀስ በቀስ ግፉ፣ ወደ ጉሮሮው በቀጥታ ከሆነ ያንቀዋል።

በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር፣ በ 24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይብለጥ። የሰጣችሁበትን ሰዓት ጠርሙሱ አጠገብ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሲሰጥ እንዳይደረብ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሽሮፕ ከማስላት በፊት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በስሕተት ብዙ ከሰጣችሁ፣ ልጁ ደኅና ቢመስልም አትጠብቁ። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል የሚጎዳው ጉበትን ነው፣ መጀመሪያው ቀን ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ። ጠርሙሱንና ሲሪንጁን ይዛችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሰጣችሁና በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩ። ማርከሻ መድኃኒት አለው፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። አሜሪካ ያላችሁ በ 1-800-222-1222 ለመርዝ መረጃ ማዕከል በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችላላችሁ፣ ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ነው።